ከርሞን የረሳው ቅንጭብ

ከረጅም ንግግር ውስጥ ለብቻው የሚቆመውን ደቂቃ ማግኘት የጆሮ ሥራ ነው። ቆቦ ውስጥ ስለ አቀንጭራ አረም የተቀረጸ አንድ ትምህርት ሥራው የት ላይ እንደሚያስቸግርና የት ላይ እንደሚያሳስት ያሳያል።

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚሄደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲገባ ሙቀቱም አብሮ ይገባል። ምሥራቁን የዞብል ተራራ ይዞታል፤ ከተራራው ወዲህ ያለው ሜዳ የማሽላና የጤፍ ነው። በዋናው መንገድ ዳር ፎቶ የሚያነሱ፣ ሠርግ የሚቀርጹ፣ ዘፈንና ስብከት በሜሞሪ የሚጭኑ ጠባብ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ አንድ ወጣት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሠርግ አይደለም። ዛፍ ሥር ቆሞ ለገበሬዎች ስለ አቀንጭራ የሚያስተምር የሰብል ባለሙያ ነው። ቀረጻው ዘጠና ደቂቃ ይፈጃል። ወጣቱ የተጠየቀው ከዚህ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል የሚሆኑ ሦስት ቅንጭቦች እንዲያወጣ ነው።

እንዲህ ያለውን ቅንጭብ በየቀኑ የማያይ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ከስብከት፣ ከቃለ ምልልስ፣ ከምክር ንግግር የተቆረጡ ቁራጮች በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ይዞራሉ። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍኤም 102.1 ከእንግዶቿ ጋር የምታደርገው ጨዋታ ለሳምንታት በክፍል በክፍል የሚቀጥል ነው፤ ብዙ ወጣት ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ቆርጦ የላከለትን ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁላችንም የምናየው ውጤቱን ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይቺ ትውጣ፣ ያቺ ትቅር» ያለበትን ሰዓት አናይም።

ቆቦ ላይ ደግሞ ርዝመት ራሱ እንቅፋት ነው። በስልክ በጥሩ ጥራት የተቀረጸ የዘጠና ደቂቃ ቪዲዮ ከአሥር ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ይህን በሞባይል ዳታ አውርዶ የሚያይ ገበሬ አይኖርም። የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ግን ተጨምቆ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሚሆን በቴሌግራም ይላካል፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። ዘጠናውን ደቂቃ ቁጭ ብለው የሰሙት ዛፉ ሥር የነበሩት ብቻ ናቸው። ሌላው የራያ ገበሬ ባለሙያውን የሚያውቀው በቅንጭቡ ነው። ስለዚህ ቅንጭቡ ላይ የጎደለ ነገር ማሳው ላይም ይጎድላል።

## ማዕበሉ ከፍ ያለበት ቦታ

አዲስ ቆራጭ ሁሉ የሚጀምረው ከዓይኑ ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ድምፁን እንደ ማዕበል ስሎ ያሳየዋል፤ ሳቅ፣ ጭብጨባና ጩኸት ከፍ ብለው ይታያሉ፣ ረጋ ያለ ንግግር ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ማንሳት ጊዜ ይቆጥባል፤ ብዙ ጊዜም ያሳስታል።

የቆቦው ወጣትም መጀመሪያ ያወጣው 12ኛውን ደቂቃ ነበር። ባለሙያው ስለ አረሙ እልኸኝነት አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ገበሬዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ማዕበሉ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም። ቆርጦ ብቻውን ሲያጫውተው ግን ሳቁ ባዶ ሆነ። ቀልዱ የሚሠራው ከፊት ረድፍ በተቀመጡ አንድ ሽማግሌና በባለሙያው መካከል ቀደም ሲል የተጀመረ መመላለስ ስለነበረ ነው። እዚያ ያልነበረ ሰው «ምን አለና ነው የሚስቁት?» ብሎ ያልፋል።

ሳቅ የሚነግረን ሰው እንደነቃ ነው። የነቃበት ምክንያት ከቁራጩ ውጭ ከሆነ ቁራጩ አይቆምም። እኔ እንደታዘብኩት ከሳቁ ይልቅ ከሳቁ በኋላ ያሉት ሠላሳ ሰከንዶች ይጠቅማሉ። ተናጋሪ ሰውን ካነቃ በኋላ ዋናውን ነገር ይላል፤ ልምድ ያለው አስተማሪ ቀልዱን የሚያስቀድመውም ለዚህ ነው።

ከሳቅ የበለጠ የሚታመን ምልክት ማዕበሉ ላይ ከነጭራሹ የማይታየው ነው። እኛ አገር ሰው አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ሲገባ አያጨበጭብም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እ» ይላል። ማይኩ ሰው አጠገብ ከሆነ ይህቺ ትንፋሽ ትሰማለች። አንድ ሰው ሲላት ምናልባት ልማድ ናት። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲላት ግን እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ተነግሯል። ቆራጩ ሰዓቱን መጻፍ ያለበት ያን ጊዜ ነው።

> ሳቅ የሚነግረን ሰው እንደነቃ ነው። የነቃበት ምክንያት ከቁራጩ ውጭ ከሆነ ቁራጩ አይቆምም።

## አንዴ ሙሉውን

ትንፋሿን ለመስማት ንግግሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተፈጥሮ ፍጥነቱ መስማት ያስፈልጋል። ጊዜ ለማትረፍ በእጥፍ ፍጥነት የሚያዳምጡ አሉ። ቃሉን ያገኙታል፤ ዝምታው ግን ያመልጣቸዋል። ተናጋሪው ከአንድ ዓረፍተ ነገር በፊት ሁለት ሰከንድ ዝም ካለ ቀጥሎ የሚለውን እየመዘነ ነው። በእጥፍ ፍጥነት ይህ ዝምታ እንደ ተራ እስትንፋስ ያልፋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የረጅም ቃለ ምልልስ ቁራጮችን ለዓመታት ያዘጋጀ አንድ ባለሙያ፣ በመጀመሪያው ማዳመጥ እጁን ከመቁረጫው ላይ ጨርሶ እንደሚያነሳ ነግሮኛል። የሚይዘው ወረቀት ብቻ ነው። ሰዓቱን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቃላት፣ ከጎኑም ለምን እንደጻፈው ይመዘግባል። «ለምን የሚለውን ካልጻፍኩ ማታ ላይ ሁሉም ጥሩ ይመስለኛል» ይላል። አንድ ምልክት ጎን «ጥሩ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ያን ቦታ ይሰርዘዋል። «በሬው የማን እንደሆነ ሲጠይቁት ደነገጠ» ብሎ ከጻፈ ይተወዋል።

የዘጠና ደቂቃ ንግግር በዚህ ዓይነት ሲሰማ ሃያ ያህል ምልክት ቢያወጣ ነው። ከሃያው ሦስት ወይም አራት ብቻ ይተርፋሉ። የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ወንፊት ነው።

## «ቅድም እንዳልኩት»

ቁራጭ ማለት ከመሐል የገባ ሰው የሚሰማው ንግግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው ወደ ኋላ የሚጠቁሙ ቃላት አሉበት ወይ የሚለው ነው። «ቅድም እንዳልኩት»፣ «ሁለተኛው ደግሞ»፣ «ይሄ ነገር»፣ «እሱ ሲመጣ»። ዛፍ ሥር ለተቀመጠው ገበሬ «እሱ» አቀንጭራ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ለሚያየው ግን «እሱ» ሰው ሊሆን ይችላል፣ ዝናብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ጫፍ ላይ ከሆነ ይቆረጣል። «እንግዲህ»፣ «ስለዚህ»፣ «እና» ከፊት ቢወገዱ የሚጎዱት ነገር የለም። መሐል ላይ ከሆነና ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ያ ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዋል፤ ወይም ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ይደገፋል።

ብዙ ቆራጭ መጀመሪያው ላይ ይጠነቀቃል፣ መጨረሻው ላይ ይቸኩላል። በአማርኛ ደግሞ አደጋው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የዓረፍተ ነገራችን ፍርድ የሚወድቀው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። ባለሙያው በ29ኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አቀንጭራ አንዴ ከገባበት መሬቱ ሞቷል፣ ማሽላን ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ የሚሉ አሉ።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ከአንድ ሰከንድ በታች ናቸው። ቆራጩ «ፈልጉ» ላይ ድምፁ ዝቅ ሲል ንግግሩ ያለቀ መስሎት ቢቆርጥ፣ ባለሙያው ሊያፈርሰው የጠቀሰው አባባል የራሱ ምክር ሆኖ ይወጣል። ፊቱ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ምስክሩ ራሱ ነው። ቀጥሎ «ውሸት ነው» ያለው በ31ኛው ደቂቃ ውስጥ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ስሕተት ከተንኮል ብቻ አይመጣም። አብዛኛው የሚመጣው ከድካም ነው። መከላከያውም ቀላል ነው። የፈለጉት ቃል ካለቀ በኋላ ሌላ አሥር ሰከንድ ማዳመጥ፣ በዚያ ውስጥ «ይላሉ»፣ «የሚሉ አሉ»፣ «ይመስላል»፣ «ግን» ወይም «ካልሆነ በቀር» ከመጣ ቁርጡን እስከዚያ ማራዘም።

## 47ኛው ደቂቃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የወጣቱ ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ የተሰመረበት ሰዓት 47:10 ነው። ባለሙያው እጁ ላይ አንድ የተነቀለ አቀንጭራ ይዟል፤ ሐምራዊ አበባው ይታያል። «ብቅ ብሎ ካያችሁት በኋላ መንቀል ምን ዋጋ አለው? ለዘንድሮው ማሽላ ምንም!» ይላል። ዝም ይላል። ከሰዎቹ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ እስከ 47:40 ድረስ ነገሩን ያብራራል፦ አረሙ ብርሃን ከማየቱ በፊት ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ውኃውንና ምግቡን ሲመጥ ቆይቷል፤ ብቅ ያለ ዕለት ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል።

ጥያቄ አለው፣ መልስ አለው፣ ዝምታ አለው፣ በእጅ የተያዘ ነገርም አለው። ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ሠላሳ ሰከንድ በቀረጻው ውስጥ የለም። እውነትም ነው፤ የአቀንጭራ ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው ከመሬት በታች ሳለ ነው። ወጣቱ ቆረጠው።

ሊልከው ሲል ቻርጀር ሊገዙ የገቡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ስልኩን ሰጣቸውና አዩት። «አባባ፣ እንግዲህ ነገ ማሳዎ ሄደው ምን ያደርጋሉ?» አላቸው። አዛውንቱ ስልኩን መልሰው፣ «ዋጋ ከሌለው ልተወው ነዋ፣ ልጄ። በከንቱ ምን አለፋኝ?» አሉት።

> «ዋጋ ከሌለው ልተወው ነዋ፣ ልጄ። በከንቱ ምን አለፋኝ?»

ባለሙያው ለማስተማር የመጣው የዚህን ተቃራኒ ነው። 48:20 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ግን ንቀሉት! አበባ አውጥቶ ዘር ሳያፈስ ንቀሉት። ዛሬ የምትነቅሉት ለከርሞ ነው።» ምክንያቱንም ይጨምራል። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈሳል፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥም ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ቅመም እስኪያገኝ ተኝቶ ይጠብቃል። የዘንድሮውን አለመንቀል ለልጅ የሚተርፍ ዘር መዝራት ነው።

በ47:40 እና በ48:20 መካከል አርባ ሰከንድ አለ። በዚያ ውስጥ ባለሙያው የአረሙ ሥር ከማሽላው ሥር ጋር የተጣበቀበትን ቦታ ለማሳየት ይሞክራል፤ አፈሩ ይራገፋል፣ ሰዎች ይጠጋሉ፣ ካሜራውም ይንቀጠቀጣል። እዚያ ለነበሩት ከሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ስክሪን ላይ ግን የሚታየው የሰው ጀርባ ነው። ቆራጩን ወደ መጀመሪያው ስሕተት የገፋው ይህ ነው፤ «ግን» የሚለው ቃል ከተዝረከረከ ምስል ማዶ ነበር።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ከ47:10 እስከ 48:40 ያለውን አንድ ደቂቃ ተኩል እንዳለ መተው ነው። ዩቲዩብ ከጥቅምት 2024 ወዲህ አጫጭር ቪዲዮዎቹን እስከ ሦስት ደቂቃ ስለፈቀደ ርዝመቱ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ግን ከመሐሉ ላይ የሰው ጀርባ ሲመጣ ተመልካቹ «ግን ንቀሉት» ሳይደርስ ይወጣል። ያኔ ቪዲዮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰውየው ያየው ግማሹን ይሆናል። ሁለተኛው መሐሉን አውጥቶ ሁለቱን ጫፎች ማጋጠም ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ ከፊት፣ ሃያ ሰከንድ ከኋላ፣ ድምሩ ሃምሳ።

ማጋጠም ግን የሚያስፈራ ሥልጣን ነው። በመጋጠሚያ ማንኛውንም ሰው ያላለውን ማስባል ይቻላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቆራጮች የሚጠብቁት ልክ አለ። የፊቱ ከፊት፣ የኋላው ከኋላ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። መጋጠሚያው አይደበቅም፤ ምስሉ ሲዘል ይታያል፣ ወይም በዚያች ሰከንድ የአረሙ ፎቶ ይገባል። ከወጣው ክፍል ውስጥ የቀረውን የሚያፈርስ ወይም የሚያጠብ ቃል አለመኖሩ እንደገና ይሰማል። በመጨረሻም ተናጋሪው ራሱ ያየዋል።

ባለሙያው የተጋጠመውን በቴሌግራም አይቶ አንድ ነገር ብቻ አሳረመ፦ ከመጨረሻው በኋላ የነበረችውን «የነቀላችሁትን ማሳ ዳር አትጣሉት» የምትለውን ዓረፍተ ነገር መልሱልኝ አለ። አበባ የያዘ አረም ተነቅሎም ዘሩ ሊበስል ስለሚችል መቃጠል አለበት። አራት ሰከንድ ተጨመረ። አዛውንቱ ግን በዚያን ሰዓት ሄደው ነበር፤ ወጣቱ ሁለተኛውን ለሌላ ደንበኛ አሳይቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። «አበባ ሳያወጣ እነቅላለሁ፣ አቃጥላለሁ» የሚል መልስ ሲያገኝ ላከው።

ያቺ ጥያቄ ከሁሉ መለኪያ የምትበልጥ ሆና አግኝቻታለሁ። «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የመጀመሪያውንም ቁራጭ ሁሉም ይወደው ነበር። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን የጎደለውን ቃል ያወጣል።

## ጠያቂዋ ሴት

ሁለተኛው የተመረጠው ቅንጭብ ከባለሙያው አፍ የጀመረ አይደለም። ንግግሩ አልቆ፣ ግማሹ ሰው ልብሱን አራግፎ ሲነሳ፣ በ71ኛው ደቂቃ አንዲት ሴት ከኋላ ጠየቁ፦ «ከብቶቼ ሣር አጥተው እሱኑ አቀንጭራ ይበሉታል። ፍጉን ደግሞ ማሳዬ ላይ ነው የምበትነው። ጉዳት አለው?»

ባለሙያው ማስታወሻውን አጥፎ ነበር። ስለዚህ እንደ ንግግር ሳይሆን ለአንድ ሰው እንደሚመልስ መለሰላቸው፦ አዎ፣ ዘሩ በከብት ሆድ አልፎም ሊበቅል ይችላል፤ ፍጉን ትኩሱን አትበትኑት፣ ከምራችሁ በደንብ እስኪበሰብስና እስኪሞቅ ድረስ አቆዩት። አርባ ሰከንድ አልፈጀም።

የረጅም ንግግር ምርጥ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ከጥያቄ በኋላ የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ተናጋሪ ብቻውን ሲናገር የሚመልሰው ጥያቄ በልቡ ነው፤ ሰሚው አያየውም። ሰው ሲጠይቀው ግን ጥያቄው ተነግሯል። ከመሐል የገባው ተመልካች የሚጎድለው ነገር ሁሉ በሴትዮዋ አፍ ተሞልቶ ይመጣል፦ ከብት አለ፣ ሣር የለም፣ ፍግ አለ። «እሱ» እንኳ በስሙ ተጠርቷል። ካሜራውን ንግግሩ «አለቀ» ሲባል የሚያጠፋ ቀራጭ ከሁሉ የሚበልጠውን ያጣል።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ሴትዮዋ ከማይኩ ርቀው ስለነበር ጥያቄያቸው ከነፋሱ ጋር ተደባልቋል። ድምፁን መጨመር ነፋሱንም አብሮ ይጨምራል። የተደረገው ጥያቄያቸውን ከሥር በጽሑፍ ማስፈር ነው። ለወደፊቱ የሚሻለው ግን ቀድሞ ተናጋሪውን፣ «ጥያቄውን ደግመው ይመልሱልን» ብሎ መለመን፤ ሌላ ስልክም ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ድምፁን ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ከሰዓት በኋላ የራያ ሜዳ ነፋስ ካሜራው ላይ ባለ ማይክ ላይ ምን እንደሚያደርግ እዚያ የቀረጸ ሁሉ ያውቀዋል።

## ጎብዬ ሲባል

በ33ኛው ደቂቃ ደግሞ ለራያ ሰው ብቻ የሚሠራ ቦታ አለ። ባለሙያው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲዘረዝር «ጎብዬ» ይላል፤ ሰዎቹም ያጉረመርማሉ። ጎብዬ ከቆቦ በስተ ደቡብ ያለች፣ ሁሉም የሚያውቃት ከተማ ናት። ዝርያው ጎብዬና አብሽር በሚል ስም ከተለቀቁት ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ከጀርባቸው ያለው ምርምር የተመራማሪ ገቢሳ ኤጀታ ነው፤ እሳቸውም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመውበታል። እነዚህ ዝርያዎች የሚቋቋሙት ሥራቸው አረሙን የሚቀሰቅሰውን ቅመም በጣም በጥቂቱ ስለሚያመነጭ ነው፤ የአቀንጭራው ዘር ሳይነቃ ይቀራል።

ወጣቱ ይህን ለቆቦና ለአካባቢው የቴሌግራም ቡድን ብቻ ቆረጠው። ለሌላ አገር ሰው የማጉረምረሙ ምክንያት መብራራት ስላለበት አንድ ደቂቃ አይበቃም። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። አንድ ቦታ የሚቀሰቅስ ቁራጭ ሁሉ ለሁሉም መሆን የለበትም።

## የማይቆረጥ ንግግር

ሁሉም ንግግር ምርጥ ደቂቃ አለው ብሎ መነሳት ራሱ ስሕተት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የወሎ አበጋርም ሆነ በራያ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ንግግር እንዲህ ነው። ሽማግሌው በምርቃት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሁለቱን ወገን አባቶች ያነሳል፤ ተረት ይጨምራል፤ የሞተውን ያከብራል፤ ገዳይ የተባለውን ሳይጠራ ያልፋል። ፍርዱ ሲመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዎቹን ያስማማው ፍርዱ አይደለም፤ ከፊቱ የነበረው አንድ ሰዓት ነው። ብቻውን ሲሰማ ፍርዱ ትእዛዝ ይመስላል። የአንዱ ወገን ልጅ አዲስ አበባ ወይም ጂዳ ሆኖ ያን ሃያ ሰከንድ ቢያየው ቤተሰቡ የተዋረደ ሊመስለው ይችላል።

በዚህ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ የአገር ሽማግሌ ሲቀረጹ አይከለክሉም። «ቅረጽ፣ ልጄ። ግን ስትሰጥ ሙሉውን ስጥ፤ ሙሉውን መስጠት ካልቻልክ አትስጥ» ይላሉ። ወጣቱም የእርቅ ቀረጻ ሲመጣለት ምርቃቱን ብቻ ይቆርጣል፤ ምርቃት ከየትም ቢቆረጥ ምርቃት ነው።

## ከላኩት በኋላ

ቁራጩ ከወጣ በኋላ ትክክል መመረጡን የሚነግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ከሆነ ባለቤቱ ሰዎች በየትኛው ሰከንድ ትተው እንደወጡና የትኛውን ቦታ መልሰው እንዳዩት በመስመር ይመለከታል። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ከወደቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአጀማመሩ ነው፤ ሰላምታ ወይም «እንግዲህ» ሳይቆረጥ ቀርቷል። መሐል ላይ በድንገት ከወደቀ መጋጠሚያው አስደንግጧል፣ ወይም ተናጋሪው ያንኑ ነገር ደግሟል። መስመሩ ወደ ላይ ከተነሳ ሰዎች ያን ቦታ መልሰው አይተውታል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ የምስራች አይደለም። አንዳንዴ መልሰው ያዩት ስላልሰሙት ነው።

ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። በአብዛኛው የሚታየው ስንት ሰው እንዳየው ነው፤ በብሉቱዝ የሄደው ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። እዚያ የሚቀረው ሰዎቹ የሚመልሱትን ማንበብ ነው። ስለ መንቀል የተላከው ቁራጭ ሥር የመጡት መልሶች በአንድ ነገር ላይ ወደቁ፦ «መንቀሉስ ገባን፣ ከመንቀል ሌላ ምን እናድርግ?» የቁራጩ ጉድለት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ሰውን ከማሳው በር አድርሶ ይተወዋል።

ወጣቱ ወረቀቱን አውጥቶ ሃያዎቹን ምልክቶች እንደገና አያቸው። በ58ኛው ደቂቃ ላይ መጀመሪያ «ደረቅ ነው» ብሎ የሰረዘው አንድ ቦታ ነበረ። ባለሙያው እዚያ ላይ የሚያብራራው የሚቋቋም ዝርያ መዝራትን፣ ማዳበሪያ መጨመርንና ውኃ የሚይዝ የታሰረ ቦይ መሥራትን በአንድነት ስለማስኬድ ነው፤ ዓመት እያፈራረቁ ማሾ ስለመዝራትም ይናገራል። ሳቅ የለበትም፣ ትንፋሽ አይሰማበትም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ወጣቱ ምንም ሳያሳጥር ከ58:05 እስከ 60:20 ቆረጠውና ሰዎቹ የጠየቁትን ጥያቄ በመጀመሪያው ምስል ላይ በትልቁ ጽፎ ከጥያቄው ሥር መልስ አድርጎ ላከው።